ነገሳ የሳበው ብርጭቆ

የላቦራቶሪ ባለሙያዋ ኡርጂ የመጨረሻዋን ካፒላሪ የተጠቀመችው ማሪቱን ያመጧት ዕለት ጠዋት ነው።

ካፒላሪ የሚሏት ከክብሪት እንጨት የቀጠነች፣ ርዝመቷ ከመሐል ጣት የማይበልጥ የብርጭቆ ቧንቧ ናት። ጫፏ ደም ሲነካ ማንም ሳይመጠው ደሙ በራሱ ወደ ውስጥ ይገባል። ከዚያ አንዱ ጫፍ በሸክላ ይደፈንና ሴንትሪፉጅ በሚሉት ማሽን ውስጥ በፍጥነት ትሽከረከራለች። ሲቆም ቀዩ ደም ከሥር ረግቶ፣ ቢጫው ውሃ ከላይ ቀርቶ ይገኛል። ከመቶ ስንቱ ቀይ እንደሆነ ተለክቶ ነው የሰው ደም ማነሱና መብዛቱ የሚታወቀው። ሱሉልታ ውስጥ ባለው በዚያ ጤና ጣቢያ ከዚህ የተሻለ የደም መለኪያ አልነበረም። አዲስ ካርቶን ካፒላሪ ከአዲስ አበባ ሊመጣ መኪና ላይ ተጭኖ ነበር፤ መኪናው ሳይደርስ መንገዱ ተዘጋ።

ወሩ ታኅሣሥ፣ ዓመቱ ሁለት ሺህ ስምንት ነው። የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ዙሪያውን ያሉትን ከተሞች ሊጠቀልል ነው የሚለው ወሬ ገበሬውንም ተማሪውንም አስነሥቶት፣ ከቡራዩ እስከ ሰበታ፣ ከሰበታ እስከ ሱሉልታ መንገዱ ሁሉ ድንጋይና የተቃጠለ ጎማ ሆኖ ነበር። ትምህርት ቤት ተዘግቷል፣ ሱቁ ግማሽ በሩን ነው የሚከፍተው። ከአንድ ቀን በፊት የጤና ጣቢያው አምቡላንስ ወደ አዲስ አበባ ወጥቶ የፊት መስታወቱ ረግፎ ተመልሷል።

ማሪቱ ከጎጃም መጥታ ሱሉልታ የኖረች፣ በመንገዱ ዳር በርበሬና ቅመም የምትሸጥ ሴት ናት። የዚያን ዕለት ጠዋት ተኩስ ተሰምቶ ሕዝቡ ሲሮጥ፣ እሷም ከመደቧ ተነሥታ ስትሮጥ ከኋላ ገፏትና በግራ ጎኗ በድንጋይ ቦይ ጠርዝ ላይ ወደቀች። አንሥቶ ያመጣት ኦቦ ጂሬኛ ነው፤ የምትኖርበት ቤት ባለቤት፣ ጎረቤቷም፣ ስድሳውን ያለፈ ገበሬ። ደግፎ በእግሯ አስገባት።

"ምንም አልሆንኩም፤ ጎኔን ብቻ ቆረጠኝ" ትላለች ማሪቱ፣ ነጠላዋን እያስተካከለች። "እሳቸው ናቸው ካልሄድሽ ብለው ያስጨነቁኝ።"

"ፊቷን እዩት" አለ ኦቦ ጂሬኛ። "ትናንት እንዲህ አልነበረችም።"

ጤና መኮንኑ ወርቁ መረመራት። የደም ግፊቷ ደህና ነው፤ የልብ ምቷ ትንሽ ይፈጥናል፣ ግን ከተኩስ የሮጠ ሰው ልብ ሁሉ ይፈጥናል። ደም አስቀድቶ ወደ ላቦራቶሪ ላከው። ኡርጂ በሳጥኑ ውስጥ የቀረችውን አንዲት ካፒላሪ አውጥታ ለካች፤ ሠላሳ ስምንት። ለማሪቱ ዕድሜ ደህና ቁጥር ነው። የተረፈውን ደም፣ እንዳይረጋ መድኃኒት ባለበት ጠርሙስ እንደተቀዳ፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀመጠችው።

ወርቁ ግን ደህና ነው ብሎ አልተወውም። ከሰዓት በኋላ ማሪቱን ደግሞ ሲያያት የግራ ትከሻዋን ትነካለች።

"ትከሻሽም ተመቶ ነበር እንዴ?"

"አልተመታም። እሱ ደግሞ ከየት እንደመጣ እንጃ። ስተኛ ይብስብኛል።"

ወርቁ ከክፍሉ ወጥቶ ወደ ኡርጂ መጣና በሩ ላይ ቆመ። ወጣት ነው፤ ሲጨነቅ ድምፁ ይቀንሳል።

"ጣፊያዋ ተሰንጥቆ ይሆናል ብዬ ፈርቻለሁ። ሳይመቱት የግራ ትከሻን የሚያም ነገር ከዚያ ሊመጣ ይችላል። ቀስ እያለ ወደ ውስጥ እየደማ ከሆነ ግፊቷ እስኪወርድ መጠበቅ የለብኝም፤ ሲወርድ ይረፍዳል። ካልደማ ደግሞ በዚህ መንገድ፣ በኮረብታው ዙሪያ፣ በድንጋይ ላይ እያንገጫገጭኩ ብወስዳት ያልደማውን ላደማው ነው። ደሟን ደግመሽ ለኪልኝ። ከጠዋቱ ወርዶ ከሆነ እንሄዳለን።"

"ካፒላሪ የለኝም ወርቁ። የመጨረሻዋ የጠዋቷ ነበረች።"

"አንድም?"

"አንድም።"

ከሌላ ጤና ጣቢያ እንዳይዋሱ የትኛውም መንገድ ክፍት አይደለም። ኡርጂ ባዶውን ሳጥን ገልብጣ አየችው፤ ማየቱ ምን እንደሚጠቅማት አታውቅም። ያኔ ነው ነገሳ ትዝ ያላት።

ነገሳ የፊዚክስ መምህር ነው። ከጤና ጣቢያው ጀርባ ካለው ሜዳ ማዶ ያለው ትምህርት ቤት ያስተምራል፣ ቤተ ሙከራውም በእሱ እጅ ነው። ከኡርጂ ጋር በአንድ ግቢ ተከራይተው ይኖራሉ። ባለፈው ዓመት የልጇ የመድኃኒት መንጠቢያ ተሰብሮ ሲቸግራት፣ ከትምህርት ቤት የብርጭቆ ቱቦ አምጥቶ፣ በእሳት አለስልሶ፣ ጫፉን ስቦ አዲስ ሠርቶላት ነበር።

ሜዳውን አቋርጣ ስትደርስ ነገሳ ደጃፉ ላይ ተቀምጧል። ከሳምንት በፊት ከተማሪዎቹ ሦስቱ ታስረውበት ከዚያ ወዲህ ፊቱ አልተፈታም።

"አካም ጂርታ መምህር? ብርጭቆ ስበህ እንደ ካፒላሪ ማቅጠን ትችላለህ?" አለችው፣ ሰላምታውንም ጥያቄውንም በአንድ ትንፋሽ።

"ለምን?"

ነገረችው። ነገሳ ሲሰማ ጣቶቹን ያፍተለትላል።

"ማቅጠኑን እችላለሁ" አለ። "አንድ ዓይነት ውፍረት ያለው ማድረጉ ነው የሚከብደው። በእጅ የተሳበ ቧንቧ አንድ በኩል ይሰፋል፣ አንድ በኩል ይጠባል። እናንተ የምትለኩት ርዝመት ከሆነ፣ ቀዩ የተቀመጠበት ጫፍ ከሰፋ ያንሳል፣ ከጠበበ ይበዛል። የውሸት ቁጥር ነው የሚሰጥሽ።"

"ስለዚህ አይሆንም?"

"አልወጣኝም። መምረጥ እንችላለን እያልኩ ነው። ብዙ ስበን ትክክለኞቹን እንለያለን። ተነሺ እንሂድ።"

የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ከፈተላቸው። ነገሳ አንድ እቅፍ የብርጭቆ ቱቦ፣ ሞረድ፣ ማንደጃውንና ትንሿን የጋዝ ሲሊንደር አወጣ። ኡርጂ ምድጃና የተጣራ ውሃ ያለው ጤና ጣቢያው ስለሆነ እዚያ ይሻላል አለችው። ሲሊንደሩን ትከሻው ላይ አድርጎ ሜዳውን ሲያቋርጡ ሁለት ፌዴራል ፖሊሶች አስቆሟቸው።

"ይሄ ጋዝ ወዴት ነው?"

ነገሳ ሲሊንደሩን ከትከሻው አወረደ። በዚያ ሰሞን የእሱን ቋንቋ የሚናገር ወጣት ወንድ ጋዝ ተሸክሞ ለፖሊስ ማስረዳቱ ቀላል አልነበረም። ኡርጂ ነጭ ካፖርቷን ከፍታ መታወቂያዋን አሳየች።

"ለጤና ጣቢያው ነው። የተጎዳች ሴት አለች፤ የደም መመርመሪያ ልንሠራላት ነው። ከፈለጋችሁ አብራችሁን ኑና እዩ።"

አንደኛው ፖሊስ ነገሳን ከላይ እስከ ታች አየው። ሌላው "ይለፉ" አለ። ትንሽ ከሄዱ በኋላ ነገሳ "ገለቶሚ" ብሎ በቀስታ አመሰገናት።

ላቦራቶሪው ውስጥ ነገሳ ማንደጃውን ለኮሰ። የብርጭቆ ቱቦውን በሁለት እጁ ይዞ ነበልባሉ ላይ እያዟዟረ ቆየ። ብርጭቆው መጀመሪያ ነበልባሉን ቢጫ አደረገው፣ ከዚያ መሐሉ ቀላ፣ ለስልሶ ሊያጎነብስ ጀመረ። ነገሳ ያን ጊዜ ከእሳቱ አወጣውና፣ ትንፋሽ ያህል ጠብቆ፣ እጆቹን ግራና ቀኝ ዘረጋ። መሐሉ እንደ ክር ተስቦ ቀጠነ፤ ቀዳዳው ግን አልተደፈነም፣ ከብርጭቆው ጋር አብሮ ቀጠነ።

"ቶሎ ከሳብኩት በጣም ይቀጥናል፤ ቀስ ካልኩ ይወፍራል" አለ። ጫፍና ጫፉን ትቶ ከመሐል፣ እኩል ከሚመስለው ቦታ፣ በሞረድ ጫር እያደረገ በካፒላሪ ልክ ሰባበረው። ደግሞ ሳበ። ደግሞ። ወፍራሞቹን ሴንትሪፉጁ አይቀበላቸውም፤ በጣም የቀጠኑት በእጅ ሲነኳቸው ይሰበራሉ። ከእነዚያ መካከል የሆኑትን ለይቶ በንጹሕ ወረቀት ላይ ደረደራቸው።

"አሁን ውሃ" አለ። "ቀለም አትጨምሪበት። ቀለም ከገባበት፣ በኋላ ደሙን ያበላሽብሻል።"

ኡርጂ የተጣራ ውሃ በትንሽ ብርጭቆ ቀድታ ከኋላው ጥቁር ወረቀት አቆመች። ነገሳ አንዷን ቧንቧ ቀጥ አድርጎ ጫፏን ውሃው ላይ አስነካ። ውሃው ዘለል ብሎ ወጣና በሁለት ጣት ውፍረት ያህል ከፍታ ላይ ቆመ። ማስመሪያ አጠገቧ አድርጎ ለካት። አራግፎ ገልብጦ በሌላው ጫፍ አስነካት፤ ውሃው እዚያው ልክ ላይ ቆመ።

"ይቺ ጥሩ ናት።"

"ለምን እዚያ ላይ ቆመ?" አለች ኡርጂ። በየቀኑ ደም በቧንቧ ሲወጣ ታያለች እንጂ ጠይቃ አታውቅም።

"ንጹሕ ብርጭቆ ውሃን ይይዘዋል። የውሃው ጠርዝ ግድግዳው ላይ ተኝቶ ይለጠፍና ወደ ላይ ይወጣል። የውሃ ገጽ ደግሞ እንደተወጠረ ስስ ቆዳ ነው፤ ጠርዙ ሲወጣ መሐሉን ይጎትተዋል። እንዲህ እንዲህ እያለ የተነሣው ውሃ ክብደት ከጉተታው ጋር እኩል ሲሆን ይቆማል። ቀዳዳው በጠበበ ቁጥር የሚነሣው ውሃ ትንሽ ነው፣ ስለዚህ ከፍ ይላል። ሲሰፋ ዝቅ ይላል። እኔ በማስመሪያ ልለካው የማልችለውን ቀዳዳ ውሃው ይለካልኛል። በሁለቱም ጫፍ እኩል ከወጣ ሁለቱም ጋ ቀዳዳው እኩል ነው።"

ሌላዋን አስነካ። በአንዱ ጫፍ ከፍ፣ በሌላው ዝቅ። ጣላት። ሌላዋ ጥሩ ነች። ቀጣይዋን ሊስብ ሲል ገና ያልቀዘቀዘ ብርጭቆ በአውራ ጣቱ ያዘና እጁን አራገፈ። ጣቱ ወዲያው ነጣ። ኡርጂ ቀዝቃዛ ውሃ አፈሰሰችለት፣ ከካፖርቷ ኪስ ለብርዱ የያዘችውን ቫዝሊንም ቀባችለት።

"አሁን ተወው፣ ትንሽ ዕረፍ።"

"ሴትየዋ እያለች?" አለና ወደ ሥራው ተመለሰ።

ከዚያ በኋላ የሳባቸው ሁሉ ግን እንቢ አሉ። ውሃው ይወጣል፣ ቀድሞ ይደርስበት ከነበረው ግማሽ ሳይደርስ ይቆማል። ሌላዋም እንዲሁ። አንዷ ዝቅ፣ አንዷ ደግሞ ይባስ ዝቅ። ነገሳ ማስመሪያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

"ሰፍተውብኛል። እጄ ስለተቃጠለ አካሄዴ ተበላሽቷል።"

በዚህ መሐል ወርቁ በሩን ከፍቶ ገባ። "የልብ ምቷ ጨምሯል። ግፊቷ ገና አልወረደም። ምን ላይ ናችሁ?"

"ጥቂት ጠብቀን" አለችው ኡርጂ። ዓይኗን ከቧንቧዎቹ አላነሣችም። በውጭ ሲታዩ አዲሶቹ ከመጀመሪያዎቹ አይወፍሩም። ከመጀመሪያዎቹ ጥሩ ከተባሉት አንዷን አነሣች፣ እዚያው ውሃ ላይ አስነካቻት። ውሃው በእሷም ዝቅ ብሎ ቆመ።

"መምህር፣ ይቺ ቅድም ጥሩ ያልካት ናት። ብርጭቆ በአንድ ሰዓት አይሰፋም።"

ነገሳ ተጠግቶ አየ። ሁለቱም ስለ ቧንቧው ማሰብ ትተው ስለ ውሃው ማሰብ ጀመሩ። ኡርጂ ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ ብርሃን ወስዳ ጎን ለጎን አዘነበለችው። ውሃው ላይ ስስ የሚያብረቀርቅ ነገር ነበር፣ ዘይት ጠብ ያለበት ኩሬ የሚመስል።

"ቫዝሊኑ" አለች።

"ጣቴ" አለ ነገሳ፣ አውራ ጣቱን እያየ። ቧንቧዎቹን ሲያስነካ ጣቱ ውሃውን እየነካ ነበር። ፊቱ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግታ መጣ። "ውሃው ላይ ቅባት ሲሰፍር ያ የተወጠረው ቆዳ ይላላል። ቧንቧው ውስጥም ቅባቱ ግድግዳውን ይለብሰዋል። ጠርዙ እንደ ቅድሙ አይተኛም፣ ቀና ብሎ ይቆማል፤ ከብርጭቆው ጋር የሚሠራው ማዕዘን ሲሰፋ ወደ ላይ የሚጎትተው ኃይል ያንሳል። ቧንቧዎቼ ደህና ነበሩ፣ እኔ ነኝ ያቆሸሽኳቸው።"

"የቀባሁህ እኔ ነኝ። አሁን ቧንቧውን እኔ ልያዝ፤ አንተ ሳብ ብቻ።"

የውሃውን ብርጭቆ በሳሙና አጠበች። ሳሙናውም ከቀረ ያው ነው ብላ ደጋግማ በተጣራ ውሃ አለቀለቀችው። ቅባት የነካቸውን ቧንቧዎች ሁሉ ጣሉ፣ ጥሩ የተባሉትንም ሳይቀር። ነገሳ ጣቱን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልሎ እንደገና ሳበ። ኡርጂ ጓንት አድርጋ በመቆንጠጫ እየያዘች አስነካች። ውሃው ዘለል ብሎ ወጣ። ገለበጠቻት፤ እዚያው ላይ። ሁለተኛዋ ተጣለች። ሦስተኛዋ ጥሩ። በሁለቱም ጫፍ እኩል የወጣባቸው ጥቂቶች ተሰበሰቡ። ለመሐላቸው ደግሞ ነገሳ አንድ ዘዴ ጨመረ፤ አጭር የውሃ ክር አስገብቶ ከጫፍ እስከ ጫፍ እያንሸራተተ ርዝመቱን አየ። ክሩ የትም ቦታ ካልረዘመና ካላጠረ ቀዳዳው እኩል ነው ማለት ነው። ያለፉትን ምድጃ ውስጥ አደረቁ፤ አንዲት የውሃ ጠብታ ብትቀር ደሙን ታበላሸዋለች።

ቀጥሎ የኡርጂ ተራ ነው። የጠዋቱን ደም ከማቀዝቀዣ አውጥታ ጠርሙሱን ቀስ እያደረገች ገለባበጠችው። ነገሳ ቆሞ ያያል። ቧንቧዋን ቀጥ አላደረገቻትም፤ አጋድማ ነው ያስነካቻት።

"ቀጥ ካደረግኩት ደሙ ከሩቡ ብዙም ሳያልፍ ይቆማል" አለች። "ይሄን ከልምድ አውቃለሁ።"

"ልክ ነሽ። የሚገደበው ወደ ላይ የሚወጣው ነው። ሲጋደም የሚሸከመው ክብደት የለም፣ እስከ መጨረሻው ይሄዳል።"

ደሙ በነገሳ ቧንቧ ውስጥ ሄደ። ቀጥ ብሎ፣ ሳይቆራረጥ፣ ልክ ከፋብሪካ እንደመጣው። ሁለት ሞላች፣ በሸክላ ደፈነች፣ ሴንትሪፉጁን ዘጋች። ማሽኑ ጮኸ። ሲቆም ከፈተች። አንዷ ተሰብራለች። ሌላዋ ደህና ነች። ኡርጂ መለኪያው ላይ አስቀምጣ አነበበች።

"ሠላሳ ስምንት" አለች። ጠዋት በፋብሪካው ካፒላሪ ያነበበችው ቁጥር ነው። "መምህር፣ ቧንቧህ ውሸት አይናገርም።"

ነገሳ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

አሁን ከማሪቱ አዲስ ደም ተቀዳ። ኡርጂ በሦስት ቧንቧ ሞላችው። ሦስቱም ሳይሰበሩ ወጡ። አንዱን አነበበች፣ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን። ሃያ ዘጠኝ፣ ሃያ ዘጠኝ፣ ሠላሳ ሊሞላ ምንም ያልቀረው። ወረቀት ላይ አልጻፈችም፤ ተነሥታ ወደ ወርቁ ሮጠች።

"ከሠላሳ ስምንት ወደ ሃያ ዘጠኝ ወርዷል። በጠዋቱ ደም አመሳክሬዋለሁ፣ አንድ ነው የመጣልኝ።"

"በደም ሥሯ የሰጠኋት ፈሳሽ አንድ ከረጢት ብቻ ነው፤ ደሟን ቢያቀጥነውም ይሄን ያህል አያወርደውም" አለ ወርቁ። ከዚያ በኋላ አላመነታም። "እየደማች ነው። እንሄዳለን። ሹፌሩን ጥሩልኝ።"

ሹፌሩ የትናንቱን መስታወት እያሰበ ፊቱ ገረጣ፣ ግን ቁልፉን አነሣ። ያን ጊዜ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጦ የነበረው ኦቦ ጂሬኛ ተነሣ።

"እኔ ከፊት እሄዳለሁ" አለ።

"በእግርዎ አባባ?" አለው ወርቁ።

"ድንጋዩ ያለበት ቦታ ስደርስ በእግሬ። እስከዚያ አብሬያችሁ እቀመጣለሁ። መንገድ የዘጉት ልጆቻችን ናቸው። እኔም መሬቴ ነው ይወሰዳል የተባለው፤ የሚያስቆጣቸው ነገር እኔንም አስቆጥቶኛል። ሰው ለመግደል ግን አልወጡም።"

ከግቢው ዳር እርጥብ ሣር ነጨ። በኦሮሞ ባህል እርጥብ ሣር የያዘ ሰው ለሰላም የመጣ ነው። ማሪቱን በቃሬዛ ሲያስገቧት የኡርጂን እጅ ያዘች።

"እኔ ቁስል የለኝም፣ ደም ወጥቶም አላየሁ" አለች፣ ከንፈሯ ደርቆ። "ምን አይታችሁ ነው?"

"እኛ አይተናል እትዬ ማሪቱ። ይመኑን።"

"እሺ። ካልሽ እሺ።"

የሆነውን በኋላ ለኡርጂ የነገራት ወርቁ ነው። የመጀመሪያው ድንጋይ ጋ ሲደርሱ ወጣቶቹ አምቡላንሱን ከበቡት። ኦቦ ጂሬኛ ወረደ፣ ሣሩን ከፍ አድርጎ ያዘ፣ በኦሮምኛ ተናገረ። ድምፁን አላነሣም። "ቤቴ የምትኖር ሴት ናት፣ ጎረቤቴ ናት። ውስጧ እየደማ ነው። ለእናታችሁ እንደምታደርጉት አድርጉላት" ነው ያለው። ከወጣቶቹ አንዱ የኋላ በሩን ከፍቶ አየ፤ ሌላው "የፖሊስ ተንኮል ነው" አለ፤ ትንሽ ተጨቃጨቁ። ከዚያ አንዱ ጎንበስ ብሎ ድንጋይ ማንሣት ጀመረ፣ ሌሎቹም ተከተሉት። ከዚያ በኋላ ባሉት ድንጋዮች ሁሉ አንዱ ለአንዱ በስልክ እያስተላለፈ ሲደርሱ መንገዱ ተጠርጎ ጠበቃቸው። ወደ ከተማው መግቢያ ፖሊሶች ሲያስቆሟቸው ደግሞ ወርቁ ወደ ሆስፒታል የጻፈላትን የመላኪያ ወረቀት አሳይቶ አለፉ። ፀሐይ ሳትጠልቅ አዲሱ ገበያን አልፈው ሆስፒታል ደረሱ። ሐኪሞቹ በአልትራሳውንድ ሲያዩዋት ሆዷ ውስጥ ደም ተጠራቅሟል። በዚያው ምሽት ቀዶ ሕክምና ተደረገላት። ጣፊያዋ ተሰንጥቆ ነበር፤ አወጡት፣ ደምም ሰጧት።

ወርቁ በማግሥቱ ጠዋት ይህን በስልክ ሲነግራት ኡርጂ ላቦራቶሪው ውስጥ የብርጭቆ ስብርባሪ ትጠርግ ነበር። ነገሳ ማንደጃውን እየነቀለ ነው።

"ተርፋለች" አለችው።

ነገሳ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየችው፤ መጥረጊያዋን ይዛ ቆመች። ለማሪቱ ብቻ እንዳልሆነ ገብቷታል። ከሳምንት በፊት ስለታሰሩት ልጆች ማንም ምንም ሊያደርግ አልቻለም ነበር፤ እሱም ደጃፉ ላይ ተቀምጦ የሚያደርገው ሲያጣ ነው የከረመው።

"አንድ ነገር እንዳደርግ ስለጠራሽኝ አመሰግንሻለሁ" አለ በኋላ፣ ፊቱን በእጅጌው ጠርጎ። "እቤት ተቀምጬ ልሞት ነበር።"

"አንተ ነህ የምትመሰገነው።"

"ውሃው መበከሉን ያየሽው አንቺ ነሽ። እኔ ብሆን እስከ ማታ በከንቱ ቧንቧ ስስብ እቆይ ነበር።"

በጥር ማስተር ፕላኑ ቀርቷል ተብሎ ተነገረ። መንገዱ ተከፈተ፣ ቁጣው ግን አልበረደም፤ የታሰሩትም ወዲያው አልተፈቱም። አዲሱ ካርቶን ካፒላሪ መጣ። ማሪቱ በአዲስ አበባ እህቷ ቤት አገግማ ወደ ሱሉልታ ስትመለስ ከሳስታለች፣ ቀስ ብላ ነው የምትራመደው። መጀመሪያ የገባችው ወደ ኦቦ ጂሬኛ ቤት ነው፤ በማግሥቱ ኦቦ ጂሬኛን ይዛ ወደ ጤና ጣቢያው መጣች። ለወርቁ ጎንበስ ብላ እጅ ነሣች፣ ወርቁ ግን "ለኔ አይደለም፣ ወደ ላቦራቶሪ ሂጂ" ብሎ ላካት።

ኡርጂ ነገሳን አስጠራችው። ከትምህርት ቤት ጠመኔ በእጁ እንደያዘ መጣ። ማሪቱ አየችው፤ ከዚያ በፊት አግኝታው አታውቅም።

"አንተ ነህ ብርጭቆውን የሠራህልኝ?"

"እኛ ነን" አለ ነገሳ አፍሮ።

"ይሄን ያህል ስትደክሙልኝ እኔ እዚያ ተኝቼ ቆረጠኝ እያልኩ ነበር።" ሁለቱን እጆቹን ይዛ ሳመቻቸው፤ ሊከለክላት ሞክሮ አቃተው። "ደሜን ተሸክማ የወጣችውን ነገር አሳየኝ እስቲ።"

ከዚያን ቀን የተረፈች የነገሳ ቧንቧ መሳቢያው ውስጥ ነበረች። ኡርጂ በብርጭቆ ውሃ አምጥታ አስነካችላት። ማሪቱ ጎንበስ ብላ ዓይኗን አቀረበች። ውሃው ሲወጣ አየች።

"ማን ነው የሚስበው?" አለች።

ነገሳ ሊያስረዳት ጀመረ፤ የውሃው ጠርዝ ብርጭቆው ላይ እንዴት እንደሚተኛ፣ ገጹ እንዴት እንደሚወጠር። ማሪቱ ጭንቅላቷን እየነቀነቀች ትሰማለች። ምን ያህሉ እንደገባት ኡርጂ አላወቀችም። ኦቦ ጂሬኛ ከኋላ ቆሞ በተራው ሊያይ አንገቱን ያሰግጋል።

"ድገመው" አለችው ማሪቱ። "አባባም ይዩት።"

ኡርጂ ውሃውን አራግፋ ቧንቧዋን እንደገና አስነካች፣ ለኦቦ ጂሬኛም ቦታ ለቀቀችለት።